የቡና ወቅት ሥራ ከሐዋሳ፦ እንዴት ይገኛል፣ ክፍያውና ቦታውስ እንዴት ይመዘናል?

መስከረም ሲጋመስ ተመሳሳይ ጥያቄ ይደጋገማል፦ «ሲዳማ ውስጥ ቡና ላይ ሥራ የት ይገኛል? በቀን ይህን ያህል እንከፍላለን ብለውኛል፣ ያዋጣል?» ይህ መመሪያ የተጻፈው ለዚህ ጥያቄ ነው። ስለ ግብርና ሥራ ሁሉ አያወራም። ከሐዋሳ ተነስታችሁ በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ወይም ላኪዎች በሚያሠሩት የቡና ማበጠሪያ መጋዘን ለጥቂት ወራት ለመሥራት ካሰባችሁ፣ ደረጃ በደረጃ ይኸው።

አስቀድማችሁ ያዘጋጁት

- የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያ፣ ከሁለት ሦስት ኮፒ ጋር
- በራሳችሁ ስም የተከፈተ የባንክ ሂሳብ ወይም ቴሌብር (ደመወዝ በሰው ስልክ የሚገባላችሁ ከሆነ በኋላ አለመግባቱን ማረጋገጥ ይቸግራል)
- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ
- ቦቲ ጫማ፣ የዝናብ ልብስ፣ ባትሪ
- ወደ ደጋው ለሚሄድ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ወደ ቆላው ለሚወርድ አጎበር
- ገንዘብ ወይም ንብረት ለሚረከብ ሥራ የዋስ ደብዳቤ
- ሥራው ባይሆን የመመለሻ ትራንስፖርት። ይህችን ብር አትንኳት፤ መመለሻ የሌለው ሰው ያገኘውን ክፍያ ሁሉ ይቀበላል።

1. የትኛውን ሥራ እንደምትፈልጉ ለዩ

«ቡና ላይ ሥራ» ሲባል አንድ ሥራ አይደለም። በማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ እሸት ቡና የሚረከቡና የሚመዝኑ፣ መፈልፈያ ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱ፣ ከማብላያ ገንዳው ወደ ቦዩ አውጥተው የሚያጥቡ፣ በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን እያገላበጡ ብልሹውን የሚለቅሙ፣ ጥበቃዎችና ሂሳብ ያዦች አሉ። ሐዋሳና አካባቢዋ ባሉ ማበጠሪያ መጋዘኖች ደግሞ ማሽን ኦፕሬተር፣ ንብረት ጠባቂ፣ ጫኝና አውራጅ፣ እንዲሁም በእጅ የሚለቅሙ ሠራተኞች ይፈለጋሉ።

ልዩነቱ የሚታየው በሰዓቱ ላይ ነው። ገበሬው ጠዋት ለቅሞ ከሰዓት በኋላ ያስረክባል። እሸቱ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ እየሞቀ መብላላት ስለሚጀምር ጥራቱ ይወድቃል። ስለዚህ ማሽኑ አመሻሽ ላይ ይነሳና ብዙ በገባ ቀን እኩለ ሌሊትን አልፎ ይሠራል። የማሽንና የገንዳ ሥራ የሌሊት ሥራ ነው ማለት ነው፣ ማንም ባይነግራችሁም። የአልጋ ላይ ሥራ በአንጻሩ የቀን ነው። ፀሐይ ሲበረታና ሲመሽ ቡናውን መሸፈን፣ ዝናብ ሲያስገመግም መሮጥ አለበት።

የሂሳብ፣ የሚዛንና የንብረት ሥራ ለተማረ ሰው የተሻለ ይከፍላል፣ ኃላፊነቱ ግን ከባድ ነው። ቁጥርና ሰላምታን ያህል ሲዳምኛ የሚችል ሰው ለሚዛን ሥራ ይመረጣል። ሚዛን ላይ ከገበሬው ጋር የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ከቋንቋ የሚመጣ ነው።

2. ጊዜውን ከቦታው ከፍታ ጋር አያይዙ

የሲዳማ ቡና ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ይዘልቃል፤ በሁሉም ቦታ ግን በአንድ ጊዜ አይደርስም። ዝቅ ያለው ቀድሞ ይቀላል፣ ከፍ ያለው ይዘገያል። እንደ አለታ ጩኮና ዳሌ ባሉ ወረዳዎች ዝቅተኛው ክፍል ሥራው ቀድሞ ይጀምራል፤ በቤንሳና በአሮሬሳ ከፍታዎች ደግሞ ዘግይቶ ሞቅ ይላል፣ ዘግይቶም ያበቃል። ማበጠሪያ መጋዘኖች ይበልጥ የሚጨናነቁት የደረቀው ቡና ከጣቢያዎች ሲወርድ፣ ማለትም ከጥር ወዲህ ነው።

ይህን ያወቀ ሰው አንድ ወቅት ከመሥራት ይልቅ ሦስቱን ያያይዛል፦ ዝቅ ባለው ጀምሮ፣ ወደ ደጋው ወጥቶ፣ በመጨረሻ ሐዋሳ መጋዘን ይገባል። አንድ ጣቢያ ብቻውን ጥሩ ቡና የሚገባበት ጊዜ ጥቂት ሳምንት ነው። «አራት ወር ሥራ አለ» ከተባላችሁ፣ ከአራቱ ወር ስንቱ ቀን እንደሚከፈልበት ጠይቁ።

3. ፍለጋውን መስከረም ላይ ጀምሩ

ጣቢያዎች ቡና ከመግባቱ በፊት አልጋ ያድሳሉ፣ ሽቦና መረብ ይቀይራሉ፣ ገንዳ ያጥባሉ፣ ማሽን ይፈትሻሉ። የጣቢያ ኃላፊው ቁልፍ ሠራተኞቹን የሚመርጠው ያኔ ነው። ቡና መግባት ከጀመረ በኋላ የሚሄድ ሰው የሚያገኘው የተረፈውን የቀን ሥራ ነው።

ሦስት መንገዶች ይሠራሉ። አንደኛው፣ በቀጥታ ጣቢያው ድረስ ሄዶ ኃላፊውን ማነጋገር ነው። በየወረዳው የግል ጣቢያዎች አሉ፣ የሲዳማ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን አባል የሆኑ መሠረታዊ ማኅበራትም የራሳቸው ጣቢያ አላቸው። በማኅበራቱ ብዙ ጊዜ የአካባቢው ልጅ ቅድሚያ ያገኛል፣ ስለዚህ በዚያ ዘመድ ወይም የምታውቁት ሰው ከሌለ በግሉ ጀምሩ። ሁለተኛው፣ ላኪው ሐዋሳ ላይ ቢሮ ወይም መጋዘን ካለው የሥራ ማመልከቻን እዚያ ማስገባት ነው፤ ለሂሳብ፣ ለንብረትና ለጥራት ሥራ ይህ ይሻላል። ሦስተኛው፣ በቀበሌው የአንድ ማዕከል አገልግሎት በሥራ ፈላጊነት መመዝገብ ነው። ለቀን ሥራ ብዙ ባይጠቅምም ለቋሚ ቅጥር ተፈላጊ ማስረጃ ይሆናል።

ማስጠንቀቂያ፦ ለደላላ ወይም በቴሌግራም ማስታወቂያ ላወጣ ሰው «የመመዝገቢያ» ብላችሁ ገንዘብ አታስገቡ። አገር ውስጥ ሥራ የሚያገናኝ ኤጀንሲም ቢሆን ከሥራ ፈላጊው ገንዘብ እንዲቀበል ሕጉ አይፈቅድለትም። የጣቢያውን ቀበሌና የኃላፊውን ስም መናገር የማይችል ሰው ሥራ የለውም ማለት ነው።

4. ድርጅቱ መኖሩን አጣሩ

የድርጅቱን ሙሉ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) ጠይቁ። የንግድ ፈቃዱን etrade.gov.et ላይ በቲን ቁጥሩ መፈለግ ይቻላል። ለቀን ሥራ ይህ የበዛ ሊመስል ይችላል፤ ሂሳብ ሳይዘጋ የጠፋ አሠሪን ለመክሰስ ግን በመጀመሪያ ማን እንደቀጠራችሁ ማወቅ አለባችሁ። ብዙ ጣቢያዎች በኪራይ ስለሚሠሩ በሩ ላይ የተጻፈው ስምና የሚከፍላችሁ ሰው ሊለያዩ ይችላሉ። «ዘንድሮ ጣቢያውን የሚያሠራው ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

5. ቦታውን በዓይናችሁ እዩ፣ በትክክለኛው ሰዓት

ጠዋት ሄዶ ማየት ትርጉም የለውም፤ ጠዋት ሁሉም ጣቢያ ጸጥ ያለ ነው። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ድረሱና እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቆዩ። የሚታዩት እነዚህ ናቸው።

*የገበሬው ወረፋ።* ከሁሉ በላይ የሚናገረው ምልክት ይህ ነው። ገበሬው አስረክቦ እዚያው ብር እየተቀበለ ነው ወይስ ወረቀት ብቻ ይዞ እየተመለሰ? ጣቢያ የሚንቀሳቀሰው በጥሬ ገንዘብ ነው፣ ያም አብዛኛውን ጊዜ የባንክ ብድር ነው። ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚዘገየው የሠራተኛው ክፍያ ነው፤ ገበሬው ካልተከፈለው ነገ እሸቱን ለጎረቤት ጣቢያ ይሰጣል፣ ሠራተኛው ግን የሠራውን ይዞ የሚሄድበት የለም። ስለዚህ ለገበሬው እንኳ በዱቤ የሚገዛ ጣቢያ ለእናንተ በየሳምንቱ ይከፍላል ብላችሁ አትጠብቁ።

*ማሽኑ።* መፈልፈያውን የሚያዞረው ቀበቶና ጎማ መሸፈኛ አለው? ከሌለው ነጠላ፣ ሻርፕ ወይም የሚንጠለጠል እጅጌ ይይዛል። የማሽኑ አካባቢ መብራት አለው? ወለሉ በቡናው ልጥ ሁሌም ያዳልጣል፤ ያለ ቦቲ በሌሊት እዚያ መቆም መውደቅን መጠበቅ ነው።

*ውሃው።* የመፈልፈያው ውሃ ከወንዝ ወይም ከምንጭ ይሳባል፣ ተመልሶም የተብላላ ቆሻሻ ይዞ ይወጣል። ሠራተኛው የሚጠጣው ከየት ነው? «ከዚያው ቧንቧ» ከተባለ የራሳችሁን ይዛችሁ ካልሄዳችሁ ሆዳችሁ ይታመማል። ሽንት ቤቱንም ክፈቱና እዩ።

*ማደሪያው።* ሴቶችና ወንዶች ይለያያሉ? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ቤንሳ ከፍታ ላይ በኅዳር ሌሊት ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጆንያ አንጥፎ መተኛት ለአንድ ሌሊት ይቻላል፣ ለሁለት ወር ግን አይቻልም።

መጋዘን ከሆነ ደግሞ አቧራውን እዩ። ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀ ቡና፣ የሚፈተግበት ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆማችሁ ካሳላችሁ፣ ስምንት ሰዓት ምን እንደሚሆን ገምቱ። ለቃሚዎች ከማሽኑ ተለይተው የሚቀመጡበት፣ መስኮት ያለው ቤት ይሻላል። ለጫኝና አውራጅ የአንድ ጆንያ ክብደት ጠይቁ፤ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀው 60 ኪሎ ነው፣ ጀንፈል የታጨቀበት ግን ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል።

6. ክፍያውን በሰዓት መንዝሩት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በግል ድርጅቶች አገር አቀፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ስለሌለ የሚያወዳድሩት ራሳችሁ ናችሁ። የቀን ክፍያ ብቻውን ምንም አይናገርም። አምስት ነገር ጠይቁ፦ ቡና ያልገባበት ቀን ይከፈላል? ሥራው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው? ምግብ በማን ነው? ትራንስፖርትስ? የተባለው ብር የተጣራ ነው ወይስ ግብርና ጡረታ ገና የሚቀነስበት? (ጡረታ የሚያዝ ከሆነ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል።)

ምሳሌ እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ ናቸው፣ በእናንተ ቁጥር ተኩት።

ሀ. ደጋ ላይ ያለ ጣቢያ፣ የገንዳ ሥራ፣ በቀን 300 ብር። ማደሪያ በነጻ፣ ምግብ በራስ። ሥራው ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 12 ሰዓት ነው። ቡና ያልገባበት ቀን አይከፈልም፤ በወር 22 ቀን ገባ እንበል።

- የሚገኘው፦ 22 × 300 = 6,600 ብር
- ቤት ከምታወጡት በላይ ለምግብ የሚወጣ፣ በቀን 60፣ ለ30 ቀን (ሥራ በሌለበት ቀንም ይበላል)፦ 1,800 ብር
- ደርሶ መልስ ትራንስፖርት፦ 600 ብር
- የሚተርፍ፦ 4,200 ብር
- የተሠራ ሰዓት፦ 22 × 12 = 264
- በሰዓት፦ 16 ብር ገደማ

ለ. ሐዋሳ መጋዘን፣ የእጅ ለቀማ፣ በጆንያ 220 ብር። በ8 ሰዓት አንድ ጆንያ ይወጣል፣ በወር 25 ቀን።

- የሚገኘው፦ 25 × 220 = 5,500 ብር
- ታክሲ በቀን 20 እና ምሳ በቀን 50፦ 1,750 ብር
- የሚተርፍ፦ 3,750 ብር
- የተሠራ ሰዓት፦ 200
- በሰዓት፦ 19 ብር ገደማ

በቀን 300 ያለው በሰዓት ሲታይ ከ220ው ያነሰ ከፈለ። በእጃችሁ የሚተርፈው ጠቅላላ ብር «ሀ» ላይ ይበልጣል፣ ግን የገዛችሁት በ64 ተጨማሪ ሰዓት ነው፣ ያውም በሌሊት።

አሁን «ሀ»ን ሕጉ እንደሚለው አስሉት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ በ1.5፣ ከምሽቱ 4 እስከ ጠዋቱ 12 ከሆነ በ1.75 ይባዛል፤ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። በምሳሌያችን ስምንቱ ሰዓት ምሽት 4 ላይ ያልቃል፣ የቀሩት አራቱ ሌሊት ላይ ይወድቃሉ። 300 ለ8 ሲካፈል 37.50 ነው። ይህ በ1.75፣ ከዚያም በ4 ሲባዛ 262.50 ብር ይሆናል። ስለዚህ ለዚያ ቀን የሚገባው 562.50 ብር ነው። በተጨማሪም ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 እንዳይበልጥ ስለተደነገገ፣ በየሌሊቱ 12 ሰዓት ማሠራት ከፍሎም ቢሆን ከገደቡ ያልፋል። ሁለት ፈረቃ ያለው ጣቢያ የምትፈልጉት ለዚህ ነው።

በጆንያ ወይም በኪሎ ለሚከፈል ሥራ አንድ ወጥመድ አለ፦ ቡናው እኩል አይደለም። ንጹሕ ቡና በግማሽ ቀን ያልቃል፣ ጥቁርና የተሰባበረ የበዛበት ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ዋጋው በደረጃ ይለያይ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከመስማማታችሁ በፊትም ጆንያውን ክፈቱና አንድ እፍኝ በመዳፋችሁ ዘርግታችሁ ብልሹውን ቁጠሩ። በምሳሌው የተሰላውን «በቀን አንድ ጆንያ» ራሳችሁ ሳትሞክሩት አትመኑት፣ የመጀመሪያው ሳምንት እጅ ይዘገያል።

7. ስምምነቱን ወረቀት ላይ አስፍሩ

ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋናዎቹን ነጥቦች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ መስጠት አለበት። የወቅት ሥራ ለተወሰነ ጊዜ መቀጠሩ ሕጋዊ ነው፣ ጊዜያዊ መሆኑ ግን የሰዓትና የክፍያ መብትን አያስቀርም። ወረቀት የማይገኝ ከሆነ ቢያንስ የተስማማችሁትን በአጭር መልዕክት ለኃላፊው ላኩት፦ «በቀን 300፣ ከ8 ሰዓት ጀምሮ፣ በየቅዳሜው ክፍያ፣ እንደተስማማነው ነገ እገባለሁ።» «እሺ» ብሎ ከመለሰ ማስረጃ ነው።

ሚዛን ወይም ንብረት የምትረከቡ ከሆነ ከደመወዙ በፊት የጉድለት ነገር ይነሳ። 100 ኪሎ እሸት ቡና ተፈልፍሎ ሲደርቅ ወደ 20 ኪሎ ገለፈቱ ያለበት ቡና፣ ተፈትጎ ደግሞ ወደ 16 ኪሎ ፍሬ ይሆናል። በአልጋ ላይ ያለው ቡና በየቀኑ ክብደት ይቀንሳል፣ የአዳር እሸትም እንዲሁ። ይህ ተፈጥሯዊ መቀነስ ምን ያህል ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ በወቅቱ መጨረሻ «ጎደለ» የሚባለው የእናንተ ዕዳ ይሆናል፣ ዋሳችሁም ይጠየቃል። ራሳችሁ ያልመዘናችሁትን አትፈርሙ። ማታ የተረከባችሁትን በዚያው ማታ መዝኑ።

8. በየቀኑ ጻፉ

ቀን፣ የገባችሁበትና የወጣችሁበት ሰዓት፣ የሠራችሁት ኪሎ ወይም ጆንያ፣ የተቀበላችሁት ብር። በሳምንት አንድ ጊዜ ለተቆጣጣሪው አሳይታችሁ አስፈርሙ፤ ካልፈረመ ከሥራ ባልደረባችሁ ደብተር ጋር አስተያዩ። ለምን ቢባል የጣቢያው መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ «መጣ / አልመጣም» ብቻ ነው የሚለው፤ ሰዓት የሚመዘግብ ከእናንተ በቀር የለም።

ለጠፋ ባልዲ፣ ለቦቲ ወይም ለተበላሸ ቡና ተብሎ ከክፍያ ሲቆረጥ ዝም አትበሉ። ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የእናንተ የጽሑፍ ስምምነት ከሌለ መቁረጥ አይቻልም፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ መብለጥ የለበትም።

9. ሂሳቡን ዘግታችሁ ውጡ

ሥራው ሲያበቃ ቀሪ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት። «ቡናው ሲሸጥ» የሚል መልስ ተቀባይነት የለውም፤ ላኪው የሚሸጥበት ቀን ከእናንተ ጉልበት ጋር አይገናኝም። መጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ከዚያ ደብተራችሁን ይዛችሁ በወረዳው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ወደሚከታተለው ጽሕፈት ቤት ሂዱ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ጊዜ አንስቶ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። ጥር ላይ የቀረ ክፍያ ሐምሌ ውስጥ ይሞታል፤ «በሚቀጥለው ወቅት ስመለስ እቀበላለሁ» ያለ ሰው ተስፋው ብቻ ነው የሚቀረው።

ተደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

- ክፍያውን በወር 30 ቀን አባዝቶ ማሰብ። ዝናብ፣ በዓልና የገንዘብ እጥረት ቡና የሚገባበትን ቀን ይቀንሳሉ።
- ክፍያ ለወቅቱ መጨረሻ እንዲጠራቀም መስማማት። በየሳምንቱ ወይም በየ15 ቀኑ ተቀበሉ፤ አንድ ዙር ካለፈ ምክንያቱን ጠይቁ፣ ሁለተኛው ካለፈ ሥራ አቁማችሁ ተነጋገሩ።
- ዋናውን መታወቂያ አስይዞ መግባት። ኮፒ ይበቃል።
- ዕድሜው ያልደረሰ ወንድም ወይም እህት ይዞ መሄድ። ከ15 ዓመት በታች መቅጠር ክልክል ነው፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም፣ የሌሊት ሥራም አይፈቀድለትም። የመፈልፈያ ሥራ ደግሞ የሌሊት ነው።
- የደረሱበትን ጣቢያ ብቻ አይቶ መወሰን። በአንድ መንገድ ላይ ሦስት አራት ጣቢያ ስለሚገኝ በአንድ ከሰዓት ሁለቱን ማየት ይቻላል፤ የአንዱን ክፍያ ለሌላው ኃላፊ ስትነግሩት የሚሰጣችሁ መልስ ይለወጣል።